ሂትቦክስ እና ኸርትቦክስ፦ እግሬ ሳይነካው እኔ ለምን ተመታሁ?

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ጌም ቤት የድብድብ ጌም እየተጫወትን ነው። ጓደኛዬ ጆይስቲኩን አስቀመጠና «እግሬ እኮ አልነካውም! እንዴት እኔ እመታለሁ?» አለ። ጌሙ ግን አላጭበረበረም።

ስክሪኑ ላይ የምናየው ምስል ለዓይን ነው። ጌሙ የሚያሰላው በማይታዩ ሳጥኖች ነው። ሂትቦክስ ምት የሚሰነዝረው ሳጥን ነው፤ ኸርትቦክስ ምት የሚቀበለው። ጉዳት የሚደርሰው የአንዱ ሂትቦክስ የሌላውን ኸርትቦክስ ሲነካ ነው።

ዋናው ልዩነት ዕድሜያቸው ነው። ኸርትቦክስ ከገላ ጋር አብሮ ይኖራል። ሂትቦክስ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በሴኮንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ጌም አንድ እርግጫ የሚመታው ለ3 ፍሬም ብቻ ከሆነ፣ ያ 0.05 ሴኮንድ ነው። ከዚያ በኋላ እግሩ እስኪመለስ ተዘርግቶ ይታያል እንጂ አይመታም። ኸርትቦክሱ ግን እግሩ ላይ እንዳለ ነው። የጓደኛዬ እርግጫ አየር መታ፤ ተጋጣሚው ያንን ጠብቆ የተዘረጋውን እግር አገኘው።

ግልባጩም አለ። ረጅም ፀጉርና ነጠላ ብዙ ጊዜ ኸርትቦክስ የላቸውም። ቡጢ በመሃላቸው ሲያልፍ «መታሁት!» ብለህ ትጮሃለህ፣ እሱ ግን ምንም አልሆነም።