ከሦስት ቁልፍ ሁለቱ፦ መልቲሲግን ለአሥር ወራት ተጠቅሜ ያየሁት

ያጠራቀምሁት ቢትኮይን ላለፉት አሥር ወራት የተጠበቀው ከሦስት የተለያዩ አምራቾች በገዛኋቸው ሦስት ሃርድዌር ዋሌቶች ሲሆን፣ ገንዘቡን ለማንቀሳቀስ ከሦስቱ የሁለቱ ፊርማ የግድ ያስፈልጋል። መሣሪያዎቹም ሆኑ ቁልፉን መልሰው የሚያስገኙ የየራሳቸው 24 ቃላት የተቀረጹባቸው የብረት ሰሌዳዎች በተለያዩ ስፍራዎች ተቀምጠዋል። ሌባ ከአንዱ ስፍራ ያገኘውን ሁሉ ቢወስድ ገንዘቡን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ እኔም አንዱን ባጣ በቀሪዎቹ ሁለት ገንዘቤን አወጣለሁ ብዬ አምን ነበር።

በአራተኛው ወር ይህንን ለመፈተን፣ አንደኛው መሣሪያ ከነሰሌዳው እንደጠፋ ቆጥሬ ዋሌቱን እንደ አዲስ ለመመለስ ሞከርሁ። የሁለቱን ሰሌዳዎች ቃላት ባዶ በሆኑ ሌሎች ሃርድዌር ዋሌቶች ላይ አስገባሁ (ቃላቱን ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ፈጽሞ አይገባም)፤ ከዚያም ስፓሮው የተባለውን ፕሮግራም ከፍቼ ሁለቱን አገናኘሁ። ፕሮግራሙ ግን የሦስተኛውን ቁልፍ መረጃ ካልሰጠሁት ዋሌቱን ሊከፍትልኝ አልቻለም።

ምክንያቱ የመልቲሲግ አድራሻ አሠራር ነው። በእኔ ዋሌት በ bc1q የሚጀምረው ረጅም አድራሻ የሦስቱም ይፋዊ ቁልፎች የተጻፉበት ስክሪፕት ሃሽ ሲሆን፣ ገንዘቡ ሲወጣ ስክሪፕቱ ሙሉውን መቅረብ አለበት። ሁለት ፊርማ በእጄ ቢኖርም የሦስተኛውን ይፋዊ ቁልፍ ካላወቅሁ ስክሪፕቱን መልሼ ማዘጋጀት አልችልም። ስለዚህ ከቃላቱ በተጨማሪ መቀመጥ ያለበት ዲስክሪፕተር የሚባለው ጽሑፍ ነው፤ አጥሮ ሲታይ ይህን ይመስላል፦

```
wsh(sortedmulti(2,[..../48h/0h/0h/2h]xpub.../<0;1>/*,...,...))
```

በሦስቱ ነጥቦች ቦታ የሦስቱም ቁልፎች ሙሉ መረጃ ይገባል። አሁን የዚህ ጽሑፍ ቅጂ ከእያንዳንዱ ሰሌዳ ጋር በታሸገ ፖስታ ውስጥ አለ። ልምምዱን በድጋሚ ሳደርግ የመጀመሪያው የመቀበያ አድራሻ ከቀድሞው ጋር ፊደል በፊደል ገጠመ፤ ዋሌቱ በትክክል መመለሱን ያረጋገጥሁትም በዚህ ነው። ዲስክሪፕተሩ የሰረቀውን ሰው ለመፈረም አያበቃውም፤ ሆኖም ያለኝን መጠንና የዝውውሬን ታሪክ በሙሉ ያሳየዋል። ይህ ራሱ አደጋ ስለሆነ በኢሜይልም ሆነ በስልክ ፎቶ አላስቀምጠውም።

በአጠቃቀም ረገድ ያስቸገረኝ ከሦስቱ አንዱ መሣሪያ ነው፤ ኃይሉ በተዘጋ ቁጥር የመልቲሲጉን መረጃ ስለሚረሳ በእያንዳንዱ ፊርማ ጊዜ ፋይሉን ዳግም እሰጠዋለሁ። ይህን ብዘልለው መሣሪያው መልስ ሆኖ የሚመለሰው ገንዘብ ወደ ራሴ አድራሻ መሄዱን ለይቶ ሊነግረኝ አይችልም፤ በቫይረስ የተያዘ ኮምፒውተር ደግሞ ገንዘቡን ሊያሾልክ የሚችለው በዚሁ ክፍተት ነው። በዚህ አድካሚነቱ የተነሣ፣ ቶሎ ቶሎ የማንቀሳቅሰውን ጥቂት መጠን በአንድ መሣሪያ ብቻ ወደሚፈረም ሌላ ዋሌት አዛውሬዋለሁ።