እውነተኛ አምበር፣ ኮፓል ወይስ ፕላስቲክ? ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

አምበር ተብሎ የሚቀርብላችሁ ነገር ብዙ ጊዜ ከሶስቱ አንዱ ነው፣ ወይ ሚሊዮን አመታት መሬት ውስጥ ቆይቶ የጠነከረ የዛፍ ሙጫ (እውነተኛው)፣ ወይ ኮፓል የሚባለው እድሜው ገና የሆነ ሙጫ፣ ወይ ደሞ ፕላስቲክ። እነዚያ ትልልቅ የእንቁላል አስኳል የሚመስሉ ድፍን ቢጫ ዶቃዎች "የአፍሪካ አምበር" ተብለው ሲሸጡ አብዛኞቹ ቤክላይት ናቸው፣ ድሮ አውሮፓ ተሰርቶ ወደ አፍሪካ የተላከ ፕላስቲክ። አሮጌ ስለሆኑ ዋጋ ያላቸው አሉ፣ ግን በአምበር ዋጋ አትግዟቸው።

ፕላስቲኩን የሚለይላችሁ ጨው ነው። ሩብ ሊትር ውሃ ውስጥ ሶስት የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙና ዶቃውን ክተቱት። አምበርና ኮፓል ይንሳፈፋሉ፣ ቤክላይትና አክሪሊክ ይሰምጣሉ። ጨው አብዝታችሁ እስከማይሟሟ ድረስ ካደረጋችሁት ግን አክሪሊኩም ይንሳፈፍና ያታልላችኋል። ዶቃው ክር ላይ እያለ ወይ ብረት እያለበት አይሆንም፣ ለብቻው መሆን አለበት፣ ሲጨርስ በንጹህ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት። በነገራችን ላይ ጨርቅ ላይ አሽቶ ወረቀት ሲስብ የሚያሳያችሁን ሻጭ አትመኑ፣ ፕላስቲክም ይስባል።

የሚከብደው ኮፓልን ከአምበር መለየት ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ሙጫ ናቸው። ለምሳሌ ውስጡ ትልቅ ጉንዳን ያለበት ንጹህ የማር መልክ ያለው ድንጋይ "የባልቲክ አምበር" ተብሎ ቀረበላችሁ እንበል፣ ጨው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፣ ስለዚህ ቤክላይት አይደለም። አሁን አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ (ጠርሙሱ ላይ አሴቶን የሚል መኖሩን እዩ) አንድ ጠብታ ከቀዳዳው አጠገብ በማይታይ ቦታ ጣሉበትና አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዛ በጣት ንኩት። አምበር ምንም አይሆንም፣ ኮፓል ይለሰልስና ይጣበቃል። ከተጣበቀ ግን ኮፓል ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክም ጨው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል በአሴቶንም ይሟሟል። ይሄኔ ነው የጋለ መርፌ የሚያስፈልገው፣ ያው ቦታ ላይ ትንሽ ነካ አድርጉና አሽትቱ፣ እጣን እጣን ከሸተተ ኮፓል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ፕላስቲክ ነው። መርፌ ጠባሳ ስለሚተው የራሳችሁ ባልሆነ እቃ ላይ አትሞክሩት፣ አሴቶኑንም ከእሳት አርቁት።

ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ጨውም አሴቶንም ከሌለ ባለሱቁን የብር ኖት መፈተሻዋን ሰማያዊ መብራት ጠይቁት። ጨለማ ቦታ ላይ ብዙ የባልቲክ አምበር ነጣ ያለ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፣ ቤክላይት ደብዝዞ ይቀራል። ብቻውን ግን አይበቃም፣ የሚያበሩ ፕላስቲኮችም አሉ።

እነዚህን ሁሉ አልፎም ከአምበር ስብርባሪ በሙቀትና በግፊት የተጋገረ ሊሆን ይችላል፣ እሱ አምበር ስለሆነ ጨውም አሴቶንም አይለየውም፣ ኮፓልም በሙቀት ከጠነከረ አሴቶኑን ሊቋቋም ይችላል። ስለዚህ ዋጋው ትልቅ ከሆነ የላብራቶሪ ወረቀት ጠይቁ፣ ወረቀት የለም ካሏችሁ ደሞ ጨው ውሃው ላይ ስለተንሳፈፈ ብቻ የአምበር ዋጋ አትክፈሉ።