ሲሊንደር ያለው ሌንስ ወይስ «አማካይ» ቁጥር? የመነጽር ወረቀት አነባበብና የዋጋ ንጽጽር

መነጽር ሊያሠራ የሄደ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ሐሳብ አለ፦ «ሲሊንደሩን ትተን በስፌር ብቻ እንሥራልህ፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ልዩነቱም ብዙ አይታወቅም።» ወረቀቱን ይዘው «እውነት ነው ወይ?» የሚሉ ወዳጆችም አያልቁም። ስፌር በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሠራው የሌንስ ኃይል ነው፤ ሲሊንደር ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጨመረው። አጭሩ መልስ በሲሊንደሩ መጠን ይወሰናል። 0.25 ወይም 0.50 ከሆነ መደራደር ይቻላል። 0.75 ከደረሰ ጨምሮ መክፈል ይሻላል። ከ1.00 ካለፈ ደግሞ ርካሹ መነጽር ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንዴ አሁን፣ አንዴ ተመልሶ ሲሠራ።

ምክንያቱን ለማየት አንድ ማዘዣ እንውሰድ፦ −2.00 / −1.50 × 180።

የመጀመሪያው ቁጥር ስፌር ነው። በሌንሱ ላይ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሠራው ኃይል ሲሆን የሚለካውም በዳዮፕተር ነው። የመቀነስ ምልክት ካለው ሩቁን ለማጥራት፣ የመደመር ከሆነ ብርሃኑን ይበልጥ ለመሰብሰብ ነው። ዳዮፕተር በሜትር የተለካ ርቀት ግልባጭ ስለሆነ መጠኑን በቀላሉ መገመት ይቻላል፦ −2.00 ብቻ ያለው ዐይን ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 50 ሴንቲሜትር ነው፤ −4.00 ከሆነ እስከ 25። ምልክት ሳይጻፍበት የተሰጠ ስፌር ካያችሁ ሳታስተካክሉ አትዘዙ። በ+2.00 እና በ−2.00 መካከል የ4 ዳዮፕተር ልዩነት አለ።

ሁለተኛው ሲሊንደር ነው። ዐይን እንደ ኳስ እኩል ክብ ሳይሆን በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ ሲጎብጥ አስቲግማቲዝም ይፈጠራል፤ ሲሊንደሩ በዚያ አቅጣጫ ብቻ የሚጨመረው ኃይል ነው። ዓምዱ ባዶ ከሆነ ወይም ዜሮ ከተጻፈበት አስቲግማቲዝም የለም፣ አክሲስም አያስፈልግም። ሲሊንደር ተጽፎ አክሲስ ከሌለ ግን ወረቀቱ ጎዶሎ ነው።

ሦስተኛው አክሲስ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ከ1 እስከ 180 የሚሄድ የማዕዘን ዲግሪ እንጂ የኃይል መጠን አይደለም፤ 180 አግድም፣ 90 ቁልቁል ነው። ሲሊንደሩ አክሲሱ ባለበት መስመር ላይ ምንም አይጨምርም፤ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው በ90 ዲግሪ ርቆ ነው። ስለዚህ የእኛ ሌንስ በአግድሙ −2.00፣ በቁልቁሉ −2.00 እና −1.50 ተደምረው −3.50 ይሆናል። «አክሲሴ 180 ስለሆነ ዐይኔ በጣም ተበላሽቷል» የሚሉ አሉ፤ 180 ከ10 አይከፋም።

አሁን ወደ ርካሹ አማራጭ። ባለሙያው የሲሊንደሩን ግማሽ ከስፌሩ ጋር ይደምርና «አማካይ» ቁጥሩ −2.75 የሆነ ሌንስ ይሰጣል። ይህ ቁጥር በአግድሙ በ0.75 በዝቷል፣ በቁልቁሉ በ0.75 አንሷል። የ1.50 አስቲግማቲዝሙ ከነሙሉ መጠኑ እንዳለ ነው፤ ብዥታው ለሁለት ተከፈለ እንጂ አልቀነሰም። የገበታው ትልልቅ ፊደላት ስለሚነበቡ ገዢው መጀመሪያ ደስ ይለዋል። ችግሩ ትንንሹ ላይ ነው። በዚህ ዐይን በሩቅ የሚደበዝዙት አግድም መስመሮች ስለሆኑ «ሁ» እና «ሂ»ን የሚለየው ትንሽ ጭረት ይጠፋል። ዐይኑ አንዱን አቅጣጫ ለማጥራት ሲታገል ሌላው ይደበዝዛል፤ ማምሻውን ግንባር ላይ የሚሰማው ራስ ምታትም ብዙ ጊዜ ከዚህ ትግል ነው። ተዘጋጅተው የሚሸጡ የማንበቢያ መነጽሮችም በዚሁ ወገን ናቸው፦ ለሁለቱም ዐይን አንድ ዓይነት ስፌር፣ ሲሊንደር የለም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ሲሊንደር ሁልጊዜ ውድ ነው ማለት አይደለም። እስከ 2.00 ያለው ሲሊንደር በብዛት ከፋብሪካ ተጠናቆ የሚመጣ ሌንስ ስለሆነ ጭማሪው አነስተኛ መሆን አለበት። ከዚያ ሲያልፍ ሌንሱ ለብቻው ተፈልፍሎ ስለሚሠራ ዋጋውም የሚጠበቀው ቀንም ይጨምራል፤ ያ ተገቢ ነው። ለአክሲስ ግን ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። ተጠናቆ የሚመጣው ሌንስ ክብ ነው፤ በፍሬሙ ልክ ከመቆረጡ በፊት ወደሚፈለገው ዲግሪ ይዞራል። 37ም ሆነ 90 ሥራው ያው ነው። ገንዘብ መቆጠብ ያለባችሁ ከፍሬሙ ነው።

ሌላው የዋጋ ወጥመድ አጻጻፉ ነው። አንዳንዱ መርማሪ ሲሊንደሩን በመደመር ይጽፋል፤ −2.00 / −1.50 × 180 እና −3.50 / +1.50 × 90 ያው አንድ ሌንስ ናቸው። ለመቀየር ስፌሩንና ሲሊንደሩን ደምሩ፣ የሲሊንደሩን ምልክት ገልብጡ፣ አክሲሱ ላይ 90 ደምሩ ወይም ከ90 በላይ ከሆነ 90 ቀንሱ። የዋጋ ሠንጠረዥ በብዛት የሚዘጋጀው በመቀነስ አጻጻፍ ነው። −6.50 / +1.50 × 90 የያዘ ሰው «ከ6.00 በላይ» ተብሎ ሊከፍል ይችላል፤ ሲቀየር ግን −5.00 / −1.50 × 180 ነው። ከዚህ የሚብሰው ምልክቱን ብቻ መቀየር ነው። −3.50 / +1.50 × 90 የነበረው −3.50 / −1.50 × 90 ተብሎ ከታዘዘ አግድሙ −2.00 መሆን ሲገባው −5.00 ይሆናል፤ የ3 ዳዮፕተር ስህተት።

መነጽሩን ስትረከቡ ሲሊንደር መኖሩን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከዐይናችሁ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ በአንዱ ሌንስ መሐል የበር ጠርዝ ተመልከቱ፣ ከዚያ መነጽሩን እንደ መሪ ወደ ግራና ቀኝ አዙሩ። ሲሊንደር ካለው በሌንሱ ውስጥ የሚታየው መስመር ከውጪው ተነጥሎ ያዘነብላል። ስፌር ብቻ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቢዞር አያዘነብልም። ለከፈላችሁበት 1.50 መስመሩ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሌንሱን አትቀበሉ። ትክክለኛውን ቁጥርና አክሲስ የሚያሳየው ሌንስሜትር ነው፤ በፊታችሁ እንዲለካ ጠይቁ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

አክሲሱ መሳሳቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚታወቅ ነው። በ10 ዲግሪ ከዞረ ከሲሊንደሩ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሳይታረም ይቀራል፣ ለ1.50 ወደ 0.50 ገደማ። በ30 ዲግሪ ከዞረ የሚቀረው ብዥታ ያለ ሲሊንደር ከመሆን አይተናነስም። የሲሊንደሩ መጠን ሲያድግ የሚፈቀደው ስህተትም ይጠባል፦ በአሜሪካው የሌንስ መስፈርት ከ0.75 በላይ እስከ 1.50 ላለው 3 ዲግሪ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 2 ዲግሪ ብቻ።

ለዚህ ነው ሲሊንደር ላለው ሰው ፍጹም ክብ ፍሬም የማይመከረው። ብሎኑ ሲላላ ሌንሱ በቦታው ይሽከረከራል፣ የተወለቀውንም ሌንስ መልሶ የሚገጥም ሰው በየትኛውም አቅጣጫ ሊያስገባው ይችላል፤ ከውጪ ምንም አይታይም። ማዕዘን ያለው ፍሬም ይህን አይፈቅድም። ክቡን ከወደዳችሁ ግን ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ አክሲሱ በሌንስሜትር እንዲለካ ከወረቀቱ ጋር ይዛችሁ ሂዱ።