በኒክሮም ዋጋ የሚሸጠው የምጣድ ሽቦ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ወደ መጠገኛዬ በሚመጡ ምጣዶች ላይ ደጋግሜ የማየው ሽቦ በኒክሮም፣ ማለትም በኒኬልና በክሮሚየም ቅይጥ ስም የተሸጠ የማይዝግ ብረት ነው፤ ለማንኪያና ለድስት የሚሆነው ዓይነት ማለቴ ነው።

ሻጩ ሽቦውን ለአንድ ሰዓት ያህል አቅልቶ ያሳያል። ሲቀዘቅዝ ፊቱ ላይ የሚታየው ስስ ጥቁር ሽፋን ብቻ ነው። «አያችሁ፣ አልተበላም» ይላል። ማሳያው ውሸት የለበትም፤ ግን ምንም አያረጋግጥም።

ሁለቱም ሽቦዎች ክሮሚየም አላቸው። ሲግሉ ክሮሚየሙ ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ፊታቸውን ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ ኦክሲጅኑና ብረቱ የሚገናኙት ሽፋኑን አቋርጠው ስለሆነ፣ ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር እድገቱ ይዘገያል። ሕጉ x² = k·t ነው፤ x ውፍረት፣ t ጊዜ፣ k ደግሞ የማይለወጥ ቁጥር። በአንድ ሰዓት 1 ማይክሮን ያደገ ሽፋን በ100 ሰዓት የሚደርሰው 10 ማይክሮን ብቻ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሽፋኑ ሳይላቀቅ ከቆየ ነው። ምጣድ ደግሞ ይበራል፣ ይጠፋል። የማይዝግ ብረት ሲቀዘቅዝ ከሽፋኑ እጅግ አብልጦ ይኮማተራል፤ ሽፋኑ ይሰነጠቅና ይረግፋል። በየአንድ ሰዓቱ አጠቃቀም ሙሉ በሙሉ ቢረግፍ፣ እድገቱ ሁልጊዜ ከዜሮ ስለሚጀምር ከ100 ጊዜ በኋላ የተበላው የ100 ማይክሮን ሽፋን ያህል ነው። ለዚህ ነው 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ሳይቋረጥ ሲሠራ እስከ 925 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሲበራና ሲጠፋ ግን እስከ 870 ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ክሮሚየሙ ሲሟጠጥ ተራው የብረት ኦክሳይድ ቦታውን ይይዛል፤ ያ ደግሞ በፍጥነት ያድጋል። የሳሳው ቦታ ይበልጥ ይግላል፣ ይበልጥ ይበላል፣ በመጨረሻም እዚያው ይበጠሳል። ከምጣዱ ቦይ ውስጥ ጥቁር ቅርፊት ከጠረጋችሁ ጉዳዩ እዚህ ደርሷል።

80 በመቶ ኒኬልና 20 በመቶ ክሮሚየም ያለው 80/20 ኒክሮምም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ነገር ግን ጥሩው ዓይነት ሽፋኑን አጥብቀው የሚያስይዙ ጥቂት ንጥረ ነገሮች ስለሚጨመሩበት በቀላሉ አይረግፍም።

ስለዚህ ለዓይን ሳይሆን ለቴስተር እመኑ። የሽቦውን ውፍረት በካሊፐር ለኩ፤ 1 ሚሊሜትር ከሆነ 5 ሜትር ዘርጉና ጫፍና ጫፉን ለኩ። ኒክሮም 7 ኦም ገደማ ያሳያል፣ 304 ደግሞ 4.6 ገደማ። የቴስተሩን ገመዶች እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያሳየውን መቀነስ አትርሱ። ወደ 9 ኦም ከደረሰና ማግኔት አጥብቆ ከሳበው፣ አሉሚኒየም ያለበት የብረትና የክሮሚየም ቅይጥ ሊሆን ይችላል። እርሱ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ከፍተኛ ሙቀት ይችላል፤ አንዴ ከጋለ በኋላ ግን ስለሚሰባበር ማጠፍ አይቻልም። ማግኔት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ተስቦ የቀጠነ 304 በጥቂቱ ሊሳብ ይችላል።

ሻጩ ያለው የተጠቀለለ ስፕሪንግ ብቻ ከሆነ፣ የቀለበቶቹን ብዛት በአማካይ ስፋታቸውና በ3.14 አባዙ፤ የሽቦው ርዝመት ይወጣል። ስትለኩት ግን ቀለበቶቹ እንዳይነካኩ ስፕሪንጉን ሳብ አድርጉት።