ኮንሰንትሬት፣ ኢሶሌት ወይስ ኬሲን? ሆዱን ለሚነፋው ገዢ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለች ትንሽ ጂም አሰልጣኝ ነኝ። የፕሮቲን ዱቄት ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የቱ ይሻላል?" ብሎ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ጥያቄው ይቀየራል፦ "ኮች፣ ሆዴን ነፋኝ። ልቀይረው?" እኔም የምመልሰው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ሰው ብዙ ብር በከንቱ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነውና።

ኮንሰንትሬት፣ ኢሶሌትና ኬሲን ሦስቱም ከወተት ነው የሚወጡት። እናቱ አይብ ስታወጣ ያየ ሰው ልዩነታቸው አይከብደውም። አሬራው እሳት ላይ ሲሞቅ ነጩ ይረጋል፣ ቢጫ ቢጤ ውሃ ይለያል። ነጩ በአብዛኛው ኬሲን ነው። ውሃው አጓት ነው፤ ዌይ የሚባለው እሱ ነው። ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ገደማው ኬሲን ሲሆን የቀረው 20 በመቶ ዌይ ነው። የወተት ስኳር፣ ማለትም ላክቶስ፣ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ፋብሪካ ውስጥ አጓቱ በረቂቅ ማጣሪያ ሲያልፍ ፕሮቲኑ ይቀራል፣ ስኳሩና ውሃው ያልፋሉ። ኮንሰንትሬትና ኢሶሌት የሚለያዩት ይህ ማጣራት ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ነው።

የተለመደው ኮንሰንትሬት 80 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። በ30 ግራም ስኩፕ 24 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ላክቶሱ በስኩፕ ከ1 እስከ 2 ግራም ተኩል ይደርሳል። ኢሶሌት 90 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ላክቶሱ በስኩፕ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ግራም በታች ነው። ኬሲን መሃል ላይ ይቀመጣል። ፕሮቲኑ ከኮንሰንትሬት ጋር ይቀራረባል፣ ላክቶሱ ግን ብዙ ጊዜ ከ1 ግራም አይበልጥም።

አሁን አንድ ኩባያ ወተት አስቡ። 250 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ 12 ግራም ገደማ ላክቶስ አለ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ባለፈው አንድ ልጅ እያጉረመረመ መጣ። ኮንሰንትሬት በጠጣ በሰዓቱ ሆዱ ይጮሃል፣ ይነፋዋል፣ አንዳንዴም ያስቀምጠዋል። ኢሶሌት ሊገዛ ብር ይዟል። "በምንድን ነው የምትበጠብጠው?" አልኩት። "በወተት ነዋ። ግማሽ ሊትር ከጎረቤት እንወስዳለን፣ ሁለት ስኩፕ እጨምርበታለሁ።" አብረን ቁጭ ብለን ደመርነው። ሁለቱ ስኩፕ ቢበዛ 5 ግራም ላክቶስ። ግማሽ ሊትሩ ወተት 24 ግራም። ስሙ የጠፋው ዱቄት ቢሆንም ሸክሙ ያለው ወተቱ ውስጥ ነው። ኢሶሌት ቢገዛና በዚያው ወተት ቢበጠብጠው ከ29 ግራም ወደ 25 ዝቅ ይል ነበር፤ ሆዱ ልዩነቱን አያውቀውም። በውሃ አንድ አንድ ስኩፕ አድርገው አልኩት። በሳምንቱ ያው ኮንሰንትሬት ተስማማው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ላክቶስን የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ብዙ ሰው ካደገ በኋላ ላክቴዙ ይቀንሳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ጋዝ ይሆናል። ቢሆንም ላክቴዝ ያነሰው ሰው ሁሉ ጭራሽ አይችልም ማለት አይደለም። አብዛኛው 12 ግራም ገደማ በአንድ ጊዜ ሲወስድ ብዙ አይቸገርም፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ። ለዚህ ነው የአንድ ስኩፕ ኮንሰንትሬት 2 ግራም ለብዙዎች ችግር የማይሆነው።

ስለዚህ ኢሶሌት ከመግዛታችሁ በፊት እቤት ያለውን ኮንሰንትሬት ሦስት ቀን ፈትኑ። አንድ ስኩፕ፣ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በነዚያ ቀናት ወተትም ማኪያቶም ሳይኖር። ካልነፋችሁ ጥፋተኛው ወተቱ ነበር። አሁንም ከነፋችሁ ግማሽ ስኩፕ ከምግብ በኋላ ሞክሩ። ያም ካልሆነ ኢሶሌት በእውነት ለእናንተ ነው፣ ጭማሪውን ክፈሉ። ኢሶሌትም በውሃ የሚነፋችሁ ከሆነ ችግሩ ላክቶስ አይደለም። የጣፋጩንና የማወፈሪያውን ዝርዝር እዩ፤ ሶርቢቶልና ኢኑሊን ራሳቸው ጋዝ ያመጣሉ። ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ነገሩ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ኢሶሌት እዚህ አያድንም።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። ኮንሰንትሬትና ኢሶሌት በፍጥነት ይህ ነው የሚባል ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ጨጓራ ውስጥ ስለማይረጉ ቶሎ ያልፋሉ፤ ደም ውስጥ ያለው አሚኖ አሲድ ከ1 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ጣራ ይነካል። "ኢሶሌት ስለሚፈጥን ነው የተወደደው" የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት፤ የተወደደው በማጣሪያው ነው። ኬሲን ግን ሌላ ነው። የጨጓራ አሲድ ሲያገኘው እንደ አይብ ይረጋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ እስከ 6 እና 7 ሰዓት ድረስ ይለቀቃል።

ይህን ኩሽና ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። ሁለት ብርጭቆ ውሰዱ፣ አንዱ ውስጥ ሚሴላር የሚባለውን የኬሲን ዓይነት፣ ሌላው ውስጥ ኢሶሌት በውሃ በጥብጡ። በሁለቱም ላይ ግማሽ ሎሚ ጭመቁ። ኬሲኑ ወዲያው ይቋጠራል፤ በማንኪያ ስታነሱት ቁርጥራጩ አይብ ነው። ኢሶሌቱ እንደቀጠነ ይቆያል። እኔ ያለ ጣዕም በተሠራው ነው የማሳየው፤ ማወፈሪያ ያለበት ጥርት አድርጎ አያሳይም።

እና ማን ኬሲን ይግዛ? እራቱን በጊዜ በልቶ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ መሃል ከተማ የሚሠራ፣ ቁርሱን 4 ሰዓት ላይ የሚያገኝ ሰው እዚህ ሰፈር ሞልቷል። ለእሱ ከመተኛቱ በፊት አንድ ስኩፕ ኬሲን ቁም ነገር አለው። በየ4 ሰዓቱ የሚበላ ሰው ግን የቀኑ ጠቅላላ ፕሮቲን ከሞላለት ፍጥነቱ ብዙም አይለውጥለትም። አንድ ነገር ግን አትሳሳቱ፤ ኬሲን ጠጥቶ "ከበደኝ፣ ጠገብኩ" ማለትና መነፋት አንድ አይደሉም። ጋዝና ማጉረምረም ሳይኖር ሆድ ከሞላ የረጋው ፕሮቲን ሥራውን እየሠራ ነው። ውሃውን ጨምሩ፣ መጠኑን ቀንሱ።

ሱቅ ስትገቡ ፊት ለፊት የተጻፈውን ትልቅ ፊደል ተዉትና ጣሳውን አዙሩት። ፊቱ ላይ "ኢሶሌት" ብሎ፣ የይዘት ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ ኮንሰንትሬት የሚጽፍ አለ። መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው። ቀጥሎ የስኳሩን መስመር እዩ። ስኳር ያልተጨመረበት ከሆነ እዚያ ያለው ቁጥር በአብዛኛው ላክቶስ ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ የጣሳውን ብር በውስጡ ላለው ፕሮቲን ግራም አካፍሉ፤ በኪሎ ማወዳደር ያሳስታል።

ለጾመኞች ደግሞ፦ ሦስቱም ወተት ናቸው፣ በጾም አይሆኑም። ሁዳዴ ሲፈታ ዱቄቱን ከፋሲካ ማግስት በሙሉ ስኩፕ አትጀምሩት። ወተት አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው የአንጀቱ ባክቴሪያ ላክቶስን ይለምዳል፣ 55 ቀን ሲቋረጥ ልማዱ ይላላል። አምና የነበረ ጣሳ ዘንድሮ "አልተስማማኝም" የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በግማሽ ስኩፕ ጀምራችሁ በሳምንቱ ሙሉ አድርጉት።