በእጅ የሚያዘው አልትራሳውንድ ከወራት በኋላ፦ ጠጠሩ የት ይታያል፣ የት ይደበቃል?

ይህን መሣሪያ የገዛሁት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አሁን የቡና ለቀማው እያለቀ ነው። በነዚህ ወራት ጅማ ባለችው ትንሽ ክሊኒካችን ውስጥ ከእጄ አልተለየም ማለት እችላለሁ። ፕሮቡ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው፣ በገመድ ከታብሌት ጋር ይገናኛል። ሌላ ማሽን የለውም። የማወራው አብዛኛው ነገር በዚህ ዓይነት ፕሮቦች ሁሉ ላይ ስለሚሠራ የአምራቹን ስም አልጠራም።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ እንጂ ራዲዮሎጂስት አይደለሁም። ስለዚህ ግምገማዬ እንደኔ በሽተኛ ፊቱ ተቀምጦ «ሰርጀን ጋ ልላካት ወይስ የጨጓራ መድኃኒት ልስጣት?» ብሎ መወሰን ላለበት ባለሙያ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የሐሞት ጠጠር ላይ ይህን መሣሪያ አምነዋለሁ። የኩላሊት ጠጠር ላይ ግማሽ እምነት አለኝ። ጉበት ላይ ያለ ስብ ሲሆን ደግሞ መልሱ በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በአያያዙም ይወሰናል።

ልዩነቱ የሚመጣው ጠጠሩ ካለበት ቦታ ነው። ሐሞት ፈሳሽ ስለሆነ ፕሮቡ የሚልከውን ድምፅ ሳይመልስ ያሳልፋል፣ ስክሪን ላይም ጥቁር ሆኖ ይታያል። የኩላሊት መሐል ግን ስብና ቱቦ የተሞላ ስለሆነ ራሱ ነጭ ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ የወደቀች የጨው ፍሬ ወዲያው ትታያለች፤ ዱቄት ላይ ብትወድቅ ግን ማን ያገኛታል?

ከሐሞቱ ልጀምር። ጠጠር መሆኑን የምናውቀው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው። አንደኛ፣ በጥቁሩ ሐሞት ውስጥ ደማቅ ነጭ ቅስት ይታያል። ሁለተኛ፣ ከቅስቱ በስተጀርባ እስከ ምስሉ ግርጌ የሚወርድ ጥርት ያለ ጥቁር ጥላ አለ፤ ድምፁ ጠጠሩ ጋ ደርሶ ስለሚቆም ከሱ ወዲያ ያለው አይታይም። ሦስተኛ፣ በሽተኛው ወደ ግራ ጎኑ ሲዞር ጠጠሩ ይንከባለላል። ሦስቱ ከተሟሉ ብዙ ክርክር የለም። ነጭ ሆኖ ጥላ የሌለውና ከሐሞት ከረጢቱ ግድግዳ የማይላቀቅ ከሆነ ከግድግዳው የበቀለ ሥጋ፣ ማለትም ፖሊፕ፣ የመሆን ዕድሉ ይበዛል። ጥላ ሳይኖረው ከታች ተንጣሎ፣ ሰውየው ሲዞር ቀስ እያለ የሚፈስ ግራጫ ዝቃጭ ከሆነ ደግሞ የወፈረ ሐሞት ነው።

አንድ ነገር ግን ከመሣሪያው በፊት ይመጣል፤ ጾም። ከረጢቱ ሐሞት ሞልቶ እንዲጠብቀን በሽተኛው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ምንም ሳይበላ መምጣት አለበት። ውኃ ችግር የለውም። ቅባት ያለው ነገር ግን ከረጢቱን ያኮማትረዋል፣ ወተትም እዚያው ውስጥ ነው። ከሰቃ በኩል የመጡ በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ቅቤ የበዛበት ምግብ ሲበሉ ከቀኝ የጎን አጥንታቸው ሥር ይይዛቸውና ሕመሙ ወደ ትከሻቸው ይሄዳል። ብዙ ጊዜ በጨጓራ ስም ታክመዋል።

«ቁርስ በልተዋል?» አልኳቸው።

«ኧረ ዶክተር፣ ምንም አልቀመስኩም!»

«ሻይስ?»

«ሻይማ መንገድ ላይ ጠጥቻለሁ። በወተት ነው።»

ፕሮቡን ሳስቀምጥ ጥቁር ከረጢት የለም። ከጉበቱ ሥር አንድ ነጭ መስመር፣ ከኋላውም ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። አንደኛው ከጎኑ ያለው የአንጀት አየር ነው። አየርም ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ጥላም ይሰጣል። የአየር ጥላ ግን ጥርት ያለ ጥቁር ሳይሆን ደፈርስ ያለ፣ ግራጫ የተቀላቀለበት ነው፤ አንጀቱ ሲንቀሳቀስም ቅርጹ ይለዋወጣል። ሁለተኛው በጠጠር ተሞልቶ የተኮማተረ ከረጢት ነው። በዚህኛው መጀመሪያ የከረጢቱ ግድግዳ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ከሱ ሥር ጠባብ ጥቁር ክፍተት፣ ቀጥሎ የጠጠሩ ነጭ ቅስት፣ መጨረሻ ላይ ጥላው ይመጣል። በትልቁ ማሽን እነዚህ ሁለት መስመሮች ተለያይተው ይታያሉ። በእጅ በሚያዘው ግን ቀጭን ነገሮች ስለሚደባለቁ ብዙ ጊዜ አንድ ወፍራም መስመር ሆነው ነው የማያቸው። ይህ ትልቁ ቅሬታዬ ነው። መፍትሔው መገመት ሳይሆን ቀጠሮ መስጠት ነው። «ነገ ጠዋት ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ» ብዬ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ምስሉ ሌላ ነበር። ከረጢቱ ሞልቶ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ተዘርግቷል። አንገቱ አካባቢ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ነጭ ቅስት ከነጥርት ያለ ጥላው ተቀምጧል። ወደ ግራ ጎናቸው ሳዞራቸው ጠጠሩ ከአንገቱ ወጥቶ ወደ ከረጢቱ ሆድ ተንከባለለ። ይህ መንከባለል ትልቅ ትርጉም አለው፤ አንገቱ ላይ ተሰክቶ የቀረ ጠጠር አይንቀሳቀስም፣ እብጠት የሚያመጣውም እሱ ነው። ቀጥሎ ግድግዳውን ለካሁ። 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ3 በላይ ቢሆን ያሳስበኝ ነበር። በፕሮቡ ከረጢቱን በቀጥታ ስጫነው የተለየ ሕመም አልተሰማቸውም። ዋናው የሐሞት ቱቦ 4 ሚሊ ሜትር ነበር፣ አልሰፋም። ማለትም ጠጠር አለ፣ አሁን ግን የተቆጣ ከረጢት የለም። ድንገተኛ ሳይሆን መደበኛ ሪፈር ጻፍኩላቸው። በትልቁ ማሽን የተሠራው ምርመራም ከኔ ጋር ተስማማ።

ወደ ኩላሊት ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ትንሽ ጠጠር በነጩ የኩላሊት መሐል ውስጥ ትጠፋለች። ጥላዋ ያጋልጣታል እንዳይባል ጥላውም ሁልጊዜ አይመጣም። ከፕሮቡ የሚወጣው የድምፅ ጨረር ስፋት አለው። ጨረሩ ከጠጠሩ ከሰፋ ድምፁ በጎንና በጎን አልፎ ከኋላ ያለውን ስለሚያሳይ ጥላው ይሞላል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ባሉት ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። የእጅ ፕሮብ ጨረሩን በጥልቀት ላይ የማጥበብ አቅሙ ከትልቁ ማሽን ስለሚያንስ ችግሩ ይብሳል። የምስሉን ጥልቀት ቀንሼ ኩላሊቱን ስክሪኑ መሐል ሳመጣው ትንሽ ይሻላል።

የሚያግዘኝ የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው ዶፕለር ነው። ሸካራ ጠጠር ላይ ቀለሙ ሲከፈት ከጠጠሩ ኋላ ቀይና ሰማያዊ የተደባለቀበት ብልጭታ ይታያል፤ የደም ፍሰት አይደለም፣ ድምፁ ከሸካራው ገጽ ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር ነው። የፍጥነት መጠኑን ከፍ አድርጌ ስከፍተው እውነተኛው የደም ፍሰት ይደበዝዛል፣ የጠጠሩ ብልጭታ ግን ይቀራል። በኔ ፕሮብ ብልጭታው አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ አይመጣም። ስለዚህ ሲመጣ እደሰትበታለሁ፤ ስላልመጣ ግን «ጠጠር የለም» አልልም።

መሣሪያው ኩላሊት ላይ ከልቡ የሚሠራው የታቆረ ሽንትን ማሳየት ነው። ጎኑን ይዞት እየተንፈራገጠ የመጣ አንድ ሾፌር ነበር። ጠጠሩን የትም አላየሁትም። ነገር ግን ነጭ መሆን የነበረበት የኩላሊቱ መሐል ተከፍቶ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ ጥቁር ፈሳሽ ሞልቶበታል። ሌላኛው ኩላሊት ደህና ነው። ይህ በቂ ነበር፤ ከታች የሽንት ቧንቧውን የዘጋ ነገር አለ ማለት ነው። በሲቲ ስካን ጠጠሩ ቧንቧው ውስጥ ተገኘ። ቧንቧው መሐል ያለ ጠጠር በአንጀት አየር ስለሚሸፈን በየትኛውም አልትራሳውንድ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ እዚህ ላይ ፕሮቡን አልወቅሰውም።

ጉበት ላይ ያለ ስብ ደግሞ ጠርዝም ጥላም የለውም። ያለው ንጽጽር ብቻ ነው። ጤነኛ ጉበት ከቀኝ ኩላሊት የውጭ ሥጋ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ነጣ ያለ ነው። ስብ ሲገባበት ጉበቱ በግልጽ ይነጣል፣ ኩላሊቱ ከጎኑ ጥቁር ይመስላል። ስቡ ሲጨምር የደም ሥሮቹ ግድግዳ ይደበዝዛል። ሲብስ ደግሞ ድምፁ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ስለሚቀር ከኋላ ያለው ድያፍራም ይጠፋል።

ጌይኑን፣ ማለትም የምስሉን ድምቀት፣ ከፍ ካደረግነው የማንም ጉበት ነጭ ነው። ስለዚህ ጉበቱን ብቻውን አይቼ አልፈርድም። ጉበቱንና ኩላሊቱን በአንድ ምስል፣ በተመሳሳይ ጥልቀት ላይ አድርጌ ነው የማወዳድረው፤ ጥልቀቱ ከተለያየ የብርሃን ማስተካከያው ራሱ ልዩነት ይፈጥራል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ኩላሊቱም ስለሚነጣ ንጽጽሩ ይበላሻል። ወፈር ያለ ሰው ላይ የኔ ፕሮብ ጉልበቱ ያልቅበታል፣ የጉበቱ የኋላ ክፍል ይጨልማል። ይህን አይቶ «ከባድ ስብ» ብሎ መጻፍ በጣም ቀላል ነው። የስብን ደረጃ በዚህ መሣሪያ የማልጽፈው ለዚህ ነው፤ «ጉበቱ ከኩላሊቱ ነጥቷል» ብዬ አቆማለሁ። ከጉበቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ በታች የሆነ ስብ በአልትራሳውንድ ሊያመልጥ ይችላል። ስቡ ጉበቱን ማጠንከር ጀምሮ እንደሆነም ይህ ምስል አይናገርም።

ስለ አያያዙ። ፕሮቡ ይሞቃል። አንድ ሰው ላይ ከረዘምኩ ያስጠነቅቅና ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ምስሉን ፍሪዝ አድርጌ ነው የምለካው። ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ ግን ያለ ጄኔሬተር መሥራቱ ክሶናል። አፕሊኬሽኑ አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ገብቼ አካውንቴን እንዳድስ ይጠይቃል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ይህ ያናድዳል።

ከሁሉም በላይ ግን የምከታተለው የፕሮቡን ፊት ነው። አንዴ ከወደቀ ወይም ገመዱ ከተጎዳ ከውስጡ የተወሰነው ክፍል ሥራ ሊያቆም ይችላል። ያኔ ምስሉ ላይ ጥቁር ሰንበር ይወርዳል፣ ለማያውቅ ሰው የጠጠር ጥላ ይመስላል። የጠጠር ጥላ ከጠጠሩ ይጀምራል፣ ጠጠሩን ይከተላል። የተበላሸ ፕሮብ ሰንበር ግን ከቆዳው ይጀምራል፣ በሽተኛው ቢዞርም ስክሪኑ ላይ ቦታውን አይለቅም። ጄል ባልነካው ቦታም ተመሳሳይ ሰንበር ይመጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጄል ጨምሬ አያለሁ። ካልጠፋ ፊቱን አጽድቼ ያለ ጄል አየር ላይ እይዘዋለሁ። ከስክሪኑ አናት ላይ የሚታዩት ነጭ መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ሳይቆራረጡ መሄድ አለባቸው። ከተቆራረጡ ያን ቀን በሱ ሰው አላይበትም። እስካሁን የኔው አልተቆራረጠም።