ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት ለንጹህ መስመር፦ ከወራት የአኒሜሽን ሥራ በኋላ

የምሠራው ፍሬም በፍሬም የሚሳል አኒሜሽን ነው። መጀመሪያ ረቂቁን በዲጂታል እርሳስ እጥላለሁ። ከዚያ በላዩ ላይ የመጨረሻውን ጥቁር መስመር አወጣለሁ። ጊዜ የሚበላው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ክሊን አፕ የምንለው። መስመሩ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ትንሽ ቢወፍር ወይም ቢቀጥን፣ ቪዲዮው ሲጫወት ዝም ብላ የቆመች ገጸ ባህሪ እንኳ ዙሪያዋን ትንቀጠቀጣለች። ላለፉት ወራት ይህን ሥራ በክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት EX ስሠራ ቆይቻለሁ። ፕሮግራሙ ብዙ ነገር ይሠራል፤ እኔ የማወራው ስለ መስመሩ ነው።

የገዛሁት ለቬክተር ሌየሩ ብዬ ነው፤ ዛሬም የምወደው እሱኑ ነው። በተራ ሌየር ላይ የተሰመረ መስመር ቀለም የነካቸው ፒክስሎች ስብስብ ነው። ቬክተር ሌየር ግን መስመሩ የሄደበትን መንገድና ውፍረቱን ለየብቻ ይይዛል። ስለዚህ አስምሬ ከጨረስኩ በኋላ መስመሩን መርጬ ከ5 ፒክስል ወደ 4 ማውረድ እችላለሁ። ቅርጹ አይነካም። ማጥፊያውም ግሩም ነው። ሁለት መስመሮች ሲገናኙ አንዱን አሳልፌ እስባለሁ፣ ትርፉን ስነካው እስከ መገናኛው ድረስ ብቻ ይጠፋል። መገናኛው ላይ ለማቆም ብዕሩን ማዝገም ስለማያስፈልግ መስመሩ ሳይደናቀፍ ይወጣል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ነጠላ የለበሰች ሴት ፊቷን ከጎን ወደ እኛ ታዞራለች። ርዝመቱ 1 ሰከንድ፣ 24 ፍሬም ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ፍሬም ስለሚቆይ የሚሳለው 12 ነው። ሸራው 1920 በ1080 ፒክስል ነው። ሳልጀምር ውፍረቶቹን እወስናለሁ፦ ለውጪው ዙሪያ 6፣ ለዓይን፣ ለአፍንጫና ለአፍ 4፣ ለነጠላው እጥፋት 3። ሦስቱንም ለየብቻ ብሩሽ አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ።

ብሩሹ ላይ የብዕር ግፊት ውፍረቱን እንዳይቀይር አጠፋዋለሁ። Specify by size on screen የሚለው ምርጫም መጥፋት አለበት። እሱ ከበራ የብሩሹ መጠን የሚለካው በስክሪኑ ነው፤ ዓይኗን ለመሳል ስታጎሉ መስመሩ ይቀጥናል፣ ስትመለሱ ይወፍራል። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያለሰልሰውን ቅንብር ለረጅሙ የነጠላ መስመር ከፍ፣ ለፊቷ ዝቅ አደርገዋለሁ። ፊት ላይ ከበዛ የአፍንጫና የአገጭ ማዕዘን ይሟሟል። ረቂቁን ከሥር ብታዩት ጥቁሩ መስመር ማዕዘኗን አቋርጦ ሲያልፍ ይታወቃል።

ረቂቁን ሰማያዊ አድርጌ አደበዝዘዋለሁ። የእርሳስ መስመር ወፍራም ነው፣ አንዳንዴም ሦስት አራት ጊዜ የተደራረበ ነው። በየትኛው በኩል እንደምትሄዱ መወሰን አለባችሁ። እኔ ሁልጊዜ መሃሉን ነው የምከተለው። በአንዱ ፍሬም የውጪውን ጠርዝ፣ በሌላው የውስጡን ከተከተላችሁ ውፍረቱ ልክ ሆኖ ጭንቅላቷ ያብጣል፣ ይከሳል። ይህን ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም አያስተካክልላችሁም።

ከ1 ጀምሬ እስከ 12 በተራ አልሄድም። እንደዚያ ከሄድን የእያንዳንዱ ሥዕል ጥቂት መዛነፍ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ቀድሜ 1ን እና 12ን አወጣለሁ፣ ቀጥሎ መሃል ያለውን 6ን፣ በመጨረሻ ቀሪዎቹን። የጎረቤት ሥዕሎችን በስሱ የሚያሳየውን ኦኒየን ስኪን አበራና መስመሮቹ እኩል እየተራመዱ መሆኑን አያለሁ። ከዚያ በ100 ፐርሰንት አጫውተዋለሁ። የወፈረ መስመር ብልጭ ሲል ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ያን ፍሬም ከፍቼ መስመሩን ቋሚ ውፍረት በሚሰጠው ማስተካከያ አንዴ አልፍበታለሁ።

የማይመቸኝም አለ። ቬክተር ሌየር ላይ በባልዲው ቀለም መሙላት አይቻልም። ከሥሩ ተራ ሌየር ጨምራችሁ መስመሩን እንዲያነብ ማድረግ አለባችሁ፤ ለ12ቱም ሥዕል። ረቂቁን በተራ ሌየር ላይ ሠርታችሁ ወደ ቬክተር ማስለወጥም ይቻላል፣ ግን አልመክርም። የተደራረበውን እርሳስ ሁሉ መስመር አድርጎት በነጥብ የታጨቀ ነገር ይሰጣችኋል፤ እሱን ከማጽዳት እንደ አዲስ ማስመር ይቀላል።

ገጸ ባህሪዋን ስታሳንሱም ተጠንቀቁ። ውፍረቱ አብሮ እንዲቀንስ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ከበራ፣ በግማሽ ስታሳንሷት የነጠላው 3 ፒክስል መስመር 1.5 ይሆንና ይጠፋል። ሳይበራ ከቀረ ደግሞ 6 የነበረው ዙሪያ በትንሽ ፊት ላይ ይከብዳል። ለሩቅ ትዕይንት እኔ ምርጫውን አጥፍቼ አሳንሳለሁ፣ ከዚያ ውፍረቶቹን በእጄ 4፣ 3 እና 2 አደርጋቸዋለሁ።

ለመግዛት ያሰባችሁ PRO የሚለውም አለ፤ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ቬክተር ሌየሩም አለው። ግን አኒሜሽኑ 24 ፍሬም ላይ ያበቃል። ከላይ ያለችው የሴትዮዋ ዞር ማለት በትክክል ትገባበታለች፤ ዞራ ፈገግ እንድትል ከፈለጋችሁ ግን EX ያስፈልጋችኋል።